ቲቸር ሲመለሱ

ሁለት ወር ታምሜ ከርሜ ወደ ክፍል ስመለስ ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ጊዜ በስቼዋለሁ። ኮቴ የሌላ ሰው ይመስላል። ስለዚህ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ያንን ምስል ሳይ ትርጉሙ አልጠፋኝም። አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ አጽም። ከላዩ «ቲቸር ሲመለሱ» ይላል። ከሥሩ የሳቅ መዓት።

የላከችው ከመጨረሻው ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ጥያቄዎቿን እወድ ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ምንም አልተናገርኩም። እጇን ስታወጣ ሌላ ልጅ እጠራለሁ። ደብተሯን ሳርም ቀይ ምልክቴን አድርጌ አልፋለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም። በሦስተኛው ሳምንት እጅ ማውጣቱን ተወችው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

አንድ ማታ ልጄ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ትስቃለች። ጠጋ ብዬ አየሁ። ያው አጽም! «ውጤት ሲለቀቅ» ይላል።

«ማንን ነው ከሳህ የምትሉት?» አልኳት።

«ኧረ አባ! ማንም አልከሳም። ስንጠብቅ ስንጠብቅ አጥንታችን ቀረ ለማለት ነው።»

የእናንተ እንደዚያ ይሆናል፣ የእኔ ግን ሌላ ነው አልኩ በሆዴ። ሰው የተቀየመበትን ነገር ቶሎ አይለቅም።

ከዚያ ደሞዝ ዘገየ። በመምህራን ግሩፕ አንዱ ባልደረባዬ ያንኑ አጽም ለጠፈ፦ «ደሞዝ ሲገባ»። እኔም ሳቅኩ። ስቄ ሳልጨርስ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የክፍሉን ግሩፕ ከፍቼ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ገፋሁ። ምስሉ የተላከው እኔ ከመመለሴ ስምንት ቀን በፊት ነው። ያኔ መክሳቴን ያየ ተማሪ አልነበረም። ከምስሉ በላይ «ዛሬም አልመጡም?» «ተሽሏቸዋል እንዴ?» የሚሉ መልእክቶች ተደርድረዋል። እኔ ምስሉ ላይ ደርሼ ነው የቆምኩት። ደግሞ «ሲመለሱ» ነው የሚለው። አንቱታውን እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ጥያቄ ጽፌ ወደ እሷ እያየሁ «ነይ፣ አንቺ ሥሪው» አልኩ። ዞራ ከኋላዋ አየች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

መጥታ ሠራችው። ጠመኔውን ስትመልስልኝ «ያ ምስል... ዘግይቶ ነው የገባኝ» አልኳት። የቱ ምስል እንደሆነ እንኳ ትዝ አላላትም።

ማታ አጽሙን ራሴ ለጠፍኩት፦ «የቤት ሥራችሁ ሲገባ»። መጀመሪያ የመለሰችው እሷ ናት። የላከችው አንድ የራስ ቅል ምልክት ብቻ ነው። ትክ ብዬ አየሁት።

ልጄን ጠራኋት።