አንዱን ስንሰብር ሌላውም ይሰበራል፦ የክላውዚየስና የኬልቪን አገላለጾች

የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛው ሕግ መጽሐፍ ላይ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ስለ ማቀዝቀዣ ያወራል፣ ሌላው ስለ ሞተር። የዘንድሮ ተማሪዎቼም ከክፍል ሲወጡ "የትኛውን እንያዝ?" ብለው ጠየቁኝ። መልሴ "የፈለጋችሁትን" ነው። ይህን ለማለት ግን ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እነሆ፣ ሙሉውን ጽፌዋለሁ።

የክላውዚየስ አገላለጽ፦ በዑደት እየሠራ፣ ሙቀትን ከቀዝቃዛ አካል ወደ ሙቅ አካል ከማሻገር በቀር ሌላ ምንም ለውጥ የማያስከትል መሣሪያ ሊኖር አይችልም።

የኬልቪን አገላለጽ፣ በኋላ ፕላንክ ባጠራው መልኩ፦ በዑደት እየሠራ፣ ከአንድ የሙቀት ቋት ሙቀት ወስዶ ሁሉንም ወደ ሥራ ከመለወጥ በቀር ሌላ ምንም ለውጥ የማያስከትል መሣሪያ ሊኖር አይችልም።

ሁለቱም ሰዎች ሲታገሉ የነበሩት ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. በተወው ሥራ ነው። ክላውዚየስ ጽሑፉን በ1850 አወጣ። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊሊያም ቶምሰን ደግሞ በ1851 የራሱን አቀረበ። ቶምሰን በዚያው ጽሑፉ የክላውዚየስን መነሻ ጠቅሶ፣ ሁለቱ በመልክ ቢለያዩም አንዱ ከሌላው እንደሚከተል ተናግሯል። ስለዚህ ዛሬ የምንሠራው ነገር ከሕጉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ወደ ማረጋገጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ሐረግ ላይ ቆም እንበል። "ሌላ ምንም ለውጥ የማያስከትል" የሚለው ላይ። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን የሕጉ ነፍስ እዚህ ናት እላለሁ። ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ሙቀትን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ያሻግራል። ክላውዚየስን ሰበረ? አልሰበረም፤ መብራት ይበላል። እንደዚሁ ፒስተን ውስጥ ያለ አይዲያል ጋዝ ሙቀት እየተቀበለ፣ ቴምፕሬቸሩ ሳይለወጥ ቢሰፋ፣ የተቀበለው ሙቀት በሙሉ ሥራ ይሆናል። መቶ በመቶ! ኬልቪንን ሰበረ? አሁንም አልሰበረም። ጋዙ ሰፍቶ ቀርቷል፤ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ዑደቱ አልተዘጋም። "ሌላ ለውጥ" የሚባለው ይህ ነው።

አሁን መንገዱን እንወቅ። "ኬልቪን ከተሰበረ ክላውዚየስም ይሰበራል" ብለን ካሳየን፣ ክላውዚየስ እውነት በሆነበት ሁሉ ኬልቪንም እውነት ነው ማለት ነው። ይህ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ከክላውዚየስ ወደ ኬልቪን ብቻ ያደርሰናል። ለመመለሻው ሌላውን መስበር አለብን። ፈተና ላይ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ጽፎ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው። ግማሹን ነው የሠራው።

ሁለት የሙቀት ቋቶች ይኑሩን። ሙቁ 600 ኬልቪን፣ ቀዝቃዛው 300 ኬልቪን። ቋት ስንል ሙቀት ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም ቴምፕሬቸሩ የማይነቃነቅ፣ እጅግ ትልቅ አካል ማለታችን ነው። መጠኖቹን ሁሉ በፖዘቲቭ ቁጥር እንጻፍና አቅጣጫውን በቃል እንናገር። እንዲህ ሲሆን የምልክት ስህተት አይገባም።

መጀመሪያ ኬልቪንን እንስበር። የተከለከለው ሞተር አለን እንበል። በአንድ ዑደት ከሙቁ ቋት 100 ጁል ይወስዳል፣ 100 ጁል ሥራ ይሰጣል። ወደ ቀዝቃዛው የሚጥለው የለም። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያውን ሕግ አልጣሰም። ኢነርጂው ተጠብቋል።

ያንን 100 ጁል ሥራ ለአንድ ተራ ማቀዝቀዣ እንስጠው። ተራ ስል በእርግጥ ሊሠራ የሚችል ማለቴ ነው። ፍጹም መሆን የለበትም። ከቀዝቃዛው ቋት 80 ጁል ያነሳል እንበል። የተሰጠውን ሥራ ጨምሮ ወደ ሙቁ የሚያደርሰው 180 ጁል ይሆናል።

ሁለቱን በአንድ ሳጥን ከድነን ከውጭ እንመልከት። ሥራው እዚያው ውስጥ ተመርቶ እዚያው አለቀ፤ ከሳጥኑ የወጣም የገባም ሥራ የለም። ሙቁ ቋት 100 ሰጥቶ 180 ተቀበለ፣ ስለዚህ 80 ጁል አተረፈ። ቀዝቃዛው 80 ጁል አጣ። ሁለቱም መሣሪያዎች ዑደታቸውን ጨርሰው ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። ታዲያ የተፈጠረው ለውጥ ምንድን ነው? 80 ጁል ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ተሻገረ፣ በቃ። ክላውዚየስ የከለከለው ሳጥን ይኸው ነው።

በፊደል ስንጽፈው፣ ሞተሩ የሚወስደው Q ከሆነ W = Q ነው። ማቀዝቀዣው ከቀዝቃዛው Q_C ያነሳል። ሙቁ ቋት በድምር የሚያገኘው፦

(Q_C + W) − Q = Q_C

አሁን በተቃራኒው። ክላውዚየስን እንስበር። ያለ ምንም ሥራ ከቀዝቃዛው 60 ጁል አንስቶ ወደ ሙቁ 60 ጁል የሚያደርስ መሣሪያ አለን እንበል። አጠገቡ ተራ ሞተር እንትከል። ከሙቁ 100 ጁል ይወስዳል፣ 40 ጁል ሥራ ይሰጣል፣ 60 ጁል ወደ ቀዝቃዛው ይጥላል። ብቃቱ 40 በመቶ ነው። በእነዚህ ሁለት ቴምፕሬቸሮች መካከል የካርኖ ጣሪያ 50 በመቶ ስለሆነ፣ ሞተሩ የሚያስነቅፍ አይደለም።

60ን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። የማረጋገጫው ብልሃት እዚህ ነው። ሞተሩ የሚጥለው ልክ መሣሪያው የሚያነሳውን ያህል እንዲሆን አድርገናል። እናም ቀዝቃዛው ቋት 60 ተቀብሎ 60 ሰጠ፤ ምንም አልተለወጠም። ከሂሳቡ ልናወጣው እንችላለን። ሙቁ 100 ሰጥቶ 60 ተመለሰለት፤ 40 ጁል አጣ። የወጣው ሥራም 40 ጁል ነው። ከአንድ ቋት ብቻ ሙቀት ወስዶ ሁሉን ሥራ ያደረገ ሳጥን ይኸውላችሁ። ኬልቪን ተሰበረ። በፊደል፣ ሞተሩ ከሙቁ የሚወስደውን Q_H፣ ወደ ቀዝቃዛው የሚጥለውን Q_C ብንለው፦

Q_H − Q_C = W

ይህ ቀመር ከመጀመሪያው ሕግ በቀር ምንም አልተጠቀመም። ኢንትሮፒ የሚባል ነገርም እስካሁን አላነሳንም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በመደመርና በመቀነስ ብቻ፣ ምንም የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ክልከላዎች አንድ ሆነው ይገኛሉ።

ማረጋገጫው ሕጉ እውነት መሆኑን አያሳይም። አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይወድቃሉ ነው የሚለው። መቆማቸውን የነገረን ተፈጥሮ ነው፣ ሙከራ ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ጋ ይይዘኛል። "ክላውዚየስን የሰበረው መሣሪያ 60 ሳይሆን 75 ጁል ቢያሻግርስ? ሞተሩ ደግሞ ያው 60 የሚጥለው ቢሆን?" ልክ ነው፤ በአንድ ዑደት አይገጥሙም። ግን ዑደታቸው እኩል መሆን አለበት ያለ የለም። መሣሪያው 4 ጊዜ ይሽከርከር፣ 300 ጁል ያነሳል። ሞተሩ 5 ጊዜ ይሽከርከር፣ 300 ጁል ይጥላል። ቀዝቃዛው ቋት እንደገና ከሂሳብ ወጣ። ሙቁ 500 ሰጥቶ 300 ተቀበለ። የጎደለበት 200 ጁል ነው፤ 5 ጊዜ 40 ጁል ሥራም 200 ነው።