የደም ግፊት መድኃኒቶች በአንድ ሠንጠረዥ፦ የማክሰኞው የሦስት ሰዓት የፋርማኮሎጂ ትምህርት ለጥናት ቡድናችን ተጨምቆ የቀረበ

ማክሰኞ ጠዋት በተሰጠን ትምህርት መምህራችን 84 ስላይድ አሳይተውናል፤ እኔም 19 ገጽ ማስታወሻ ይዤ ወጥቻለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ የተረዳሁት፣ አብዛኞቹ የጎንዮሽ ጉዳቶች በቃል የሚያዙ ሳይሆኑ መድኃኒቱ ከሚሠራበት መንገድ በቀጥታ የሚመነጩ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ይህ ሠንጠረዥ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብ ተዘጋጅቷል፤ አሠራሩን የሚገልጸውን ዓምድ በሚገባ የያዘ ሰው ቀሪዎቹን ዓምዶች በአብዛኛው ራሱ ሊሞላቸው ይችላል። ከአሠራሩ ሊገመት የማይችለውንና በቃል ብቻ የሚያዘውን ጉዳት በኮከብ (*) ለይቼዋለሁ።

ለሁሉም መነሻ የሚሆነው የሚከተለው ቀመር ነው፦

የደም ግፊት = ልብ በደቂቃ የምትረጨው የደም መጠን × የደም ሥሮች ተቃውሞ

የትኛውም ክፍል ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም ይቀንሳል። ከሠንጠረዡ በፊት መታወስ ያለበት ሌላው ነገር የሬኒን ሰንሰለት ነው። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ ኩላሊት ሬኒን ያመነጫል፤ ሬኒን ከጉበት የሚመጣውን አንጂዮቴንሲኖጅን ወደ አንጂዮቴንሲን 1 ይለውጠዋል፤ ኤሲኢ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ይህንን ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይቀይረዋል። አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ አልዶስትሮን እንዲመነጭ በማድረግም ሶዲየም በሰውነት እንዲቀር፣ ፖታሲየም ደግሞ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል።

| ክፍልና ምሳሌ | አሠራር | አገልግሎት | የጎንዮሽ ጉዳት |
|---|---|---|---|
| ታያዛይድ (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) | በኔፍሮን ሩቅ ቱቦ ላይ ሶዲየምና ክሎራይድን አብሮ የሚመልሰውን አጓጓዥ ይዘጋል። መጀመሪያ የፈሳሹን መጠን፣ ከሳምንታት በኋላ ግን የደም ሥሮችን ተቃውሞ ይቀንሳል። | ለደም ግፊት በቀን 12.5–25 ሚ.ግ. ይሰጣል፤ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ለካልሲየም የኩላሊት ጠጠርም ያገለግላል። | ፖታሲየምና ሶዲየም ይቀንሳሉ፤ ካልሲየምና ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ፤ ሪህ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። የደም ስኳርም ከፍ ይላል። |
| ሉፕ (ፉሮሴማይድ) | በሄንሌ ሉፕ ወፍራም ክንድ ላይ የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የክሎራይድ አጓጓዥን ይዘጋል። | በዋናነት ለልብ ድካም፣ ለሳንባ ውኃ መቋጠርና ለእብጠት ነው። | የሰውነት ፈሳሽ እጥረት፣ የፖታሲየም መቀነስ፤ ከታያዛይድ በተቃራኒ ካልሲየምን ያወርዳል። በፍጥነት በደም ሥር ሲሰጥ መስማትን ሊጎዳ ይችላል።* |
| ስፓይሮኖላክቶን | የአልዶስትሮንን ተቀባይ ይዘጋል። | ለልብ ድካም፣ በጉበት በሽታ ምክንያት ለሚመጣ የሆድ ውኃ፣ በሦስት መድኃኒት ላልወረደ ግፊት። | ፖታሲየም ይጨምራል። የአንድሮጅን ተቀባይንም ስለሚነካ በወንዶች ላይ የጡት ማበጥ ያመጣል። |
| ኤሲኢ አጋጆች (ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል) | አንጂዮቴንሲን 1 ወደ 2 እንዳይለወጥ ያግዳሉ። ይኸው ኢንዛይም ብራዲኪኒንን የሚሰባብር በመሆኑ ብራዲኪኒን ይከማቻል። | ለደም ግፊት፣ ለልብ ድካም፣ ከልብ ድንገተኛ ሕመም በኋላ፣ እንዲሁም በሽንት ፕሮቲን ለሚያፈስ የስኳር ሕመምተኛ። | ከብራዲኪኒን የሚመጡት ደረቅ ሳልና አልፎ አልፎ የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ እብጠት ናቸው። ከአልዶስትሮን ማነስ የተነሣ ፖታሲየም ይጨምራል። ክሬያቲኒን ሊጨምር ይችላል። ጽንስን ይጎዳሉ። |
| ኤአርቢ (ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን) | የአንጂዮቴንሲን 2ን ኤቲ1 ተቀባይ ይዘጋሉ፤ ብራዲኪኒንን አይነኩም። | ከላይ እንዳለው፤ በተለይ በሳል ምክንያት ኢናላፕሪልን ማቋረጥ ላለበት ሰው። | ሳሉ ሲቀርና የከንፈርና የምላስ እብጠቱ እጅግ ሲያንስ ሌላው ተመሳሳይ ነው። በእርግዝና ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። |
| ዳይሃይድሮፒሪዲን የካልሲየም ቻናል አጋጆች (አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን) | በደም ሥር ለስላሳ ጡንቻ ላይ ኤል ዓይነት የካልሲየም ቻናልን ይዘጋሉ፤ ትናንሽ የደም ቅዳ ሥሮች ይሰፋሉ። | ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የደረት ውጋት፤ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኒፌዲፒን በእርግዝና ወቅትም ይሰጣል። | የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን። የድድ ማበጥ።* |
| ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም | ያንኑ ቻናል ይዘጋሉ፤ ልብን ግን ይበልጥ ይነካሉ። | ለፈጣን የልብ ምት መዛባት፣ ለደረት ውጋት፣ ለደም ግፊት። | የልብ ምት መዘግየት፤ የሆድ ድርቀት (በተለይ ቬራፓሚል)። ከቤታ ብሎከር ጋር አብረው አይሰጡም። |
| ቤታ ብሎከር (አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል) | በልብ ላይ ቤታ 1ን ዘግተው ምትንና የመኮማተር ኃይልን ይቀንሳሉ፤ የሬኒንንም መመንጨት ያዳክማሉ። ፕሮፕራኖሎል ቤታ 2ንም ይዘጋል። | ከልብ ድንገተኛ ሕመም በኋላ፣ ለደረት ውጋት፣ ለምት መዛባት። ለልብ ድካም የተመሰከረላቸው ካርቬዲሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ናቸው። | የምት መዘግየት፣ ድካም፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፤ በአስም ሕመምተኛ ላይ የአየር ቧንቧ መጥበብ። የስኳር ማነስ ምልክት የሆነውን የልብ ትርታ ይሸፍናሉ። በድንገት አይቋረጡም። |
| አልፋ ብሎከር (ፕራዞሲን) | የደም ሥር አልፋ 1 ተቀባይን ይዘጋል። | የፕሮስቴት ማበጥ አብሮ ሲኖር። | ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ሲነሡ ራስን መሳት። |
| ሜቲልዶፓ | በአንጎል ውስጥ ወደ አልፋ ሜቲል ኖርኢፒነፍሪን ተለውጦ አልፋ 2ን ያነሣሣል፤ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ትእዛዝ ይቀንሳል። | በእርግዝና ወቅት ለሚታይ ከፍተኛ ግፊት። | እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የአፍ መድረቅ። የኩምብስ ምርመራ ፖዘቲቭ መሆንና የቀይ ደም ሴል መፍረስ፤* የጉበት ጉዳት።* |
| ሃይድራላዚን | የትናንሽ ደም ቅዳ ሥሮችን ጡንቻ በቀጥታ ያላላል። | በደም ሥር፣ በእርግዝና ለሚከሰት አጣዳፊ ግፊት። | የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ ምታት። ሉፐስን የሚመስል ሕመም፣ በተለይ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ በሚያስወግድ ሰው ላይ።* |

ከሠንጠረዡ ውስጥ ያልገቡ ማብራሪያዎች

የኢናላፕሪልን ሳል በሠንጠረዡ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ፤ ለእኔ ግን የትምህርቱ ዋና ነጥብ እዚያ ላይ ነበር። የመጀመሪያው የዚህ ክፍል መድኃኒት ካፕቶፕሪል የተገኘው በብራዚል ከሚገኝ የእፉኝት ዓይነት መርዝ በተነሣ ጥናት ሲሆን፣ ተመራማሪዎችን በቅድሚያ የሳበውም መርዙ የብራዲኪኒንን ኃይል ማጎልበቱ ነው። ስለዚህ ሳሉ በአጋጣሚ የመጣ እንከን ሳይሆን መድኃኒቱ ከተወለደበት ባሕርይ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ባለፈው ወር በተግባር ልምምድ ላይ ሳለን ወደ መድኃኒት መስኮቱ የመጡትን እናት ታስታውሳላችሁ፤ በአንድ ፌስታል ሦስት ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስና አንድ ስትሪፕ ኢናላፕሪል ይዘው ነበር። «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት አላስተኛ አለኝ» ሲሉ አክታ እንደሌለው፣ ሳሉም የግፊት መድኃኒቱን ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደመጣ ከራሳቸው አፍ ሰማን። ሽሮፖቹ የተገዙት ከተለያየ ቦታ ሲሆን፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ በአንዱም ቦታ እንዳልተጠየቁ ነግረውናል። ወደ ሐኪማቸው ተመልሰው መድኃኒታቸው ወደ ሎሳርታን ተለወጠ። ይህን ሳል ሽሮፕ አያስታግሰውም፤ ምክንያቱም የተከማቸውን ብራዲኪኒን የሚቀንሰው ኢንዛይሙን የሚያግደውን መድኃኒት ማቆም ብቻ ነው፤ ሳሉም እስኪጠፋ ድረስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የከንፈርና የምላስ እብጠት ግን ከሳሉ ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም። የመተንፈሻን መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል አጣዳፊ ሕክምና ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ያጋጠመው ሰውም ዳግመኛ ከዚህ ክፍል ምንም ዓይነት መድኃኒት ሊወስድ አይገባም።

ሁለተኛው ትኩረት የሚፈልገው ኩላሊት ነው። በኩላሊት ማጣሪያ ውስጥ ያለው ግፊት የሚጠበቀው በሁለት በሮች ነው፦ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ሥር ፕሮስታግላንዲን ያሰፋዋል፤ ከማጣሪያው የሚወጣውን ሥር ደግሞ አንጂዮቴንሲን 2 ያጠበዋል። ኢናላፕሪል የመውጫውን በር ይከፍታል፤ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የመግቢያውን በር ያጠባል፤ የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ የሚመጣውን ደም ራሱን ይቀንሳል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማጣሪያው ግፊት ያጣና ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መሄዱ በየቀኑ የምናየው ነገር ስለሆነ፣ ይህ ነጥብ በሠንጠረዡ ውስጥ በየብቻው ከተቀመጡት ረድፎች ይልቅ በአንድነት መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ፖታሲየምን በተመለከተ አንድ መስመር ይበቃል፦ ታያዛይድና ሉፕ ያወርዱታል፤ ስፓይሮኖላክቶን፣ ኤሲኢ አጋጆችና ኤአርቢ ከፍ ያደርጉታል። ታያዛይድና ኢናላፕሪል ተጣምረው ሲሰጡ የአንዱ ጉዳት የሌላውን በከፊል ያካክሳል፤ ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ሲጣመሩ ግን ጉዳቱ ይደመራልና የፖታሲየም ምርመራ ግድ ይሆናል።

የአምሎዲፒን እብጠት በትምህርቱ ወቅት ብዙ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። መድኃኒቱ የደም ቅዳ ሥሮችን ያሰፋል፤ የደም መልስ ሥሮችን ግን በዚያው ልክ አያሰፋም፤ በመሆኑም በካፒላሪዎች ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይልና ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወጣል። ሰውነት ውኃ ስላከማቸ የመጣ ባለመሆኑ ፉሮሴማይድ ጨምሮ እብጠቱን ለማስወገድ መሞከር ሰውየውን ለፈሳሽ እጥረት ይዳርገዋል እንጂ ብዙም አይጠቅመውም። መጠኑን መቀነስ ወይም መልስ ሥሮችንም የሚያሰፋውን የኤሲኢ አጋጅ አብሮ መስጠት ይሻላል።

በሃይድራላዚንና ፈጥኖ በሚለቀቀው ኒፌዲፒን ላይ የልብ ምት የሚፈጥነው ደግሞ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ሰውነት ለመመለስ ስለሚታገል ነው። አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚቆይና ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ይህ ችግር በእሱ ላይ እምብዛም አይታይም።

መምህራችን ለእኛ አካባቢ አስፈላጊ ያሉትን አንድ ነጥብም ላክል። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የኤሲኢ አጋጆች ብቻቸውን ሲሰጡ ግፊትን የማውረድ ኃይላቸው በአማካይ አነስ ያለ ሲሆን፣ የከንፈርና የምላስ እብጠትም በብዛት ይታያል፤ ስለዚህ ሕክምና ሲጀመር አምሎዲፒን ወይም ታያዛይድ ይመረጣል። ይህ በአማካይ የተባለ እንጂ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ የልብ ድካም ወይም በሽንት ፕሮቲን የሚፈስበት ሕመም ያለበት ሰው ኢናላፕሪል ሊከለከል አይገባም።

በእርግዝና ላይ የሚያገለግሉት ሜቲልዶፓ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኒፌዲፒንና ላቤታሎል ናቸው። ላቤታሎል አልፋንም ቤታንም ስለሚዘጋ በሁለት ረድፍ ሊገባ ስለሚችል በሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ሐሙስ ማታ ስንገናኝ የቤታና የአልፋ ረድፎችን አንድ ላይ አንብበን የእሱን የጎንዮሽ ጉዳት ዓምድ እንሞላዋለን።