እንኳን አደረሰሽ፣ እታለም

ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእታለም፣
ደብረ ብርሃን

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሰሽ። ለባለቤትሽም ለልጆችሽም እንኳን አደረሳችሁ በይልኝ። በዓሉ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። ቀደም ብዬ የጻፍኩት ሳይደርስሽ እንዳያልፍ ፈርቼ ነው።

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ትስምሻለች። ዘንድሮ ውርጩ ቢበረታም ገብሱ ቀድሞ ስለደረሰ ተርፎልናል። ባቄላውን ግን መትቶታል። አሁን አውድማ ላይ ነን።

ስልክ ልደውልልሽ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ቁጥርሽን ከአክስታችን ከተቀበልኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። አንድ ሁለቴ ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁት። ምን ብዬ እጀምራለሁ? «ሃሎ» ብዬ ዝም ልልሽ ነው። በወረቀት ግን እስክጨርስ ማንም አያቋርጠኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እታለም፣ የእማዬ ተዝካር ዕለት የተናገርኩሽን ቃል አልረሳሁትም። አንቺም እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። «እናትሽን ሳትቀብሪ ዛፏን ልትቆጥሪ መጣሽ» አልኩሽ። ያውም ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ቄሶቹ ሳይቀሩ እየሰሙ። አንቺ የጠየቅሽኝ «ባሕር ዛፉ የት ሄደ?» ብለሽ ብቻ ነበር። ሌላ ምንም አላልሽም። ሕፃኑን እንዳዘልሽ ቆመሽ ቀረሽ። ከዚያ ሌሊት ገና ሳይነጋ ወጥተሽ ሄድሽ። እኔ ነቅቼ ነበር። የበሩን ድምፅ ሰምቻለሁ። ተነሥቼ አልመለስኩሽም።

ለቀብር ያልመጣሽው አራስ ስለነበርሽ ነው። ይህን አውቅ ነበር። መርዶውን የላኩብሽ እኔ፣ የወለድሽ ሰሞን መሆኑን የሰማሁትም እኔ። እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ሐዘን ነው፣ ድካም ነው፣ አራት ወር ሙሉ ብቻዬን አስታምሜያት ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደርድሬያለሁ። እውነቱ ግን ዛፉን ሳልነግርሽ ቆርጬ ስለነበር አፍሬ ነው። ስትጠይቂኝ እፍረቴን በቁጣ ሸፈንኩት። ይቅር በይኝ።

አሁን ሒሳቡን ልንገርሽ፣ ያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ዛፉን በ48 ሺህ ብር ሸጥኩት። 30 ሺህው ለተዝካሩ ወጣ። በቀረው 18 ሺህ የቤቱን ቆርቆሮ ቀየርኩበት። የእማዬ መሬት የሁለታችን ነው፣ ስለዚህ ከቆርቆሮው እኩሌታው የአንቺ ነበር። ዛሬ 9 ሺህ ብር ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው በገንዘብ ያልላክሁልሽ። ጉቶው በዚያው ክረምት አቆጥቁጦ ነበር። ቀጫጭኑን አንድ ጊዜ ብቻ አሳሳሁት፣ ከዚያ ወዲህ መጥረቢያ አልነካውም። አሁን ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ለቤት ማገርም ለምሰሶም የሚሆን ወጥቶታል። በታች በኩል፣ ወደ ወንዙ ያለው፣ እጅግ ያምራል። ይቆረጥ ካልሽ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ለአንቺ ይሆናል። ይቁም ካልሽም ይቆማል። ገዢ ሁለቴ መጥቶብኝ «ባለቤቷ ሌላ ናት» ብዬ መልሼዋለሁ።

በ2011 የላክሻቸውን የነፍስ አባታችንንም አልረሳሁም። ደጄ ድረስ መጥተው መለስኳቸው። በሰላም ይረፉ፣ እሳቸውም አሁን የሉም። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው በመቅረቴ ያንገበግበኛል።

ሌላም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ልጆቹን ይዘን ደብረ ብርሃን ገብተን ነበር። ከሌላው ተፈናቃይ ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ ተኛን። ብርዱን ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን ማታ ሰፈርሽን ጠይቄ በርሽ ድረስ መጣሁ። መብራት በርቷል። ድምፅሽን ሰማሁት፣ ልጅሽን «እጅህን ታጠብ» እያልሽው ነበር። ለማንኳኳት እጄን አንሥቼ መልሼ አወረድኩት። በኋላ ስሰማ ለካ አንቺም በዚያው ሰሞን ከመንዝ የመጣውን ሰው ሁሉ ስለ እኔ ስትጠይቂ ነበር። ይህን የነገረችኝ አክስታችን ናት። ያን ቀን ብገባ ኖሮ ልጆቼ ሞቋቸው ይተኙ እንደነበር ሳስብ፣ በእነሱም ላይ እንደበደልኩ ይሰማኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባና ልኬልሻለሁ። የእኔ ስጦታ እንዳይመስልሽ። እማዬ ናት ለልጅሽ ያሰናዳችው። ማርገዝሽን የሰማች ዕለት የሁለቱን በጎች ጠጉር አሸልታ መፍተል ጀመረች። ሕመሙ ሲጠናባት እንኳ ትራስ ተደግፋ እንዝርቷን አልጣለችም። «በደብረ ብርሃን ብርድ ልጁ እንዳይጎዳ» ትል ነበር። ሸማኔው ሠርቶ ያመጣው ግን ከሞተች በኋላ ነው። ተዝካር ስትመጪ ልሰጥሽ ቆጡ ላይ አስቀምጬው ነበር። ከዚያ የሆነው ሆነ። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ መስከረም ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ማንም አልለበሰውም። ልጆቼ በብርድ ሲንቀጠቀጡ እንኳ አላወረድኩትም፣ የማን እንደሆነ ባለቤቴም ታውቃለች። ልጅሽ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው፣ ስሙን እንኳ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። እግሩን ቢያጥርበትም ይልበሰው፣ አያቱ የፈተለችለት ነው።

ገና በደረሰ ቁጥር የምታሰናጂልኝ ዱላ ትዝ ይለኛል። ቆልማማውን እንጨት ከየት ከየት ፈልገሽ እጀታውን እሳት ላይ እያሞቅሽ ታቀኚው ነበር። አንድ ጊዜ ጉልበቴን ተመትቼ እያለቀስኩ ስመጣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለሽ ቅቤ ቀባሽኝ። የመታኝን ልጅ ግን በማግስቱ ውኃ ስትቀጂ አግኝተሽ በጥፊ እንዳልሽው በኋላ ሰማሁ። ለእኔ እንዲህ ነበርሽ።

መልስ ስጪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ስምንት ዓመት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺም ዝም ብትዪ መብትሽ ነው። ከፈቀድሽ ግን መንገዱ ሰላም ከሆነ በጥምቀት ማግስት፣ በቃና ዘገሊላ ልምጣ። ሽማግሌም ይዤ እመጣለሁ፣ ብቻህን ና ካልሽኝም ብቻዬን። ወይም አንቺ ወደ ቤትሽ ነዪ። የእማዬ ቤት የአንቺም ቤት ነው፣ መደቡም በቦታው አለ። የስልክ ቁጥሬ የድሮው ነው፣ አልቀየርኩትም።

ደብዳቤውንና ባናውን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ሁለት ቀን ያድራል። በከረጢቱ ውስጥ በሶና ትንሽ ቅቤም አለ፣ ቅቤው ለገና ዶሮሽ ይሆንሻል። ልጁን ምሳ ሳታበዪ እንዳትለቂው፣ ሌሊት ነው የሚነሣው።

ባናውን በሙቅ ውኃ እንዳታጥቢው፣ ይሸበሸባል። በቀዝቃዛ አጥበሽ ጥላ ላይ አስጪው።

ታናሽ ወንድምሽ
ደምሴ