ጥር 13 ረቡዕ ዋለ

ይህ ፎቶ የተነሳው ጥር 13 ቀን 1993 ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ዶሮውም ጠጁም ሞልቶ ተርፎ ነበር። ዘንድሮ ግን የብር ኢዮቤልዩአችን ረቡዕ ላይ ዋለ። «እንዲህ ያለ ቀን በጾም ያልፋል እንዴ?» ብዬ ብሟገትሽም ንቅንቅ አላልሽም። ዶሮው እሑድ ይሁን አልሽ፤ እኔ ነገ አልኩ፤ ቅዳሜ ላይ ታረቅን። የእኔ እመቤት፣ ሃያ አምስት ዓመት የኖርነው እንዲሁ አይደል?

መጀመሪያ ጤና አዳም ነበር። አንቺ ያለ እሱ ቡና ቡና አይመስልሽም፤ እኔ ደግሞ ሽታውን አልወድም። ቅጠሉን ከሲኒዬ እያወጣሁ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ሳስቀምጥ ምንም አትይም ነበር። ብቻ በየጊዜው እያሳነስሽ፣ እያሳነስሽ፣ በመጨረሻ የጥፍር ጫፍ የምታህል አደረግሻት። ያቺን ማውጣት አሳፈረኝና ጠጣሁ። ይኸው ዛሬ ጎረቤት ቡና ስጠራ ጤና አዳም የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንቺ ተንኮለኛ!

ቀጥሎ መስኮቱ መጣ። የለገጣፎን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንቺ ካልተከፈተ ታፈንኩ ትያለሽ፤ እኔ ከተከፈተ ጋቢም አያሞቀኝ። ካርቶን አጥፈሽ ሸጎርሽበትና አንድ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ተስማማን። ካርቶኑ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ስምምነቱ ግን እንደጸና ነው። (ካለፈው ክረምት ወዲህ ክፍተቱ ሁለት ጣት ሆኗል፤ አይቼ ዝም ብያለሁ።)

የውሃውን ነገር ግን ዝም አልልም። ቧንቧው የሚንጫጫው ሌሊት ስለሆነ ተራ ገብተን ነበር፤ ማክሰኞ የእኔ፣ ዓርብ የአንቺ። ስንት ማክሰኞ ነው ጎህ ሲቀድ ደንግጬ ስነሳ ጀሪካኖቹ ሞልተው፣ ክዳናቸው ጥብቅ ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተሰልፈው ያገኘኋቸው? አንቺ እግርሽ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ጀርባዬ ላይ ለጥፈሽዋል። ስጠይቅሽ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው» ትያለሽ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ እምቢ የሚል እንቅልፍ አይቼ አላውቅም።

ማታም እንዲሁ ነው። የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ያስመሸኛል፤ አንቺ ደግሞ እኔ ሳልገባ መሶብ አትከፍቺም። ተጨቃጭቀን፣ ተጨቃጭቀን፣ አንድ ጉርሻ ቀምሰሽ እንድትጠብቂኝ ተስማማን።

የዛሬው እራት ሽሮ እንደሆነ ልጆቹ ነግረውኛል። ቀጠን ያለው ለአንቺ፣ ወፈር ያለው ለእኔ፣ በሁለት ድስት ተጥዷል አሉኝ። ሰልፉን ጨርሼ ታክሲ ይዣለሁ፤ ቀምሰሽ ቆይኝ።