የቱቶሪያል ዕቅድ፦ ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን ተማሪ ለተማሪ ሲያስረዳ

ለቱቶሪያል አስተማሪዎች። ጊዜ 50 ደቂቃ፤ 24 ተማሪዎች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በ8 ቡድን።

ተማሪዎቻችን ቀመሩን ያውቁታል። ያወጡት መልስ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ «አማካዩ እዚህ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ይላሉ። እኛ ስናርማቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፣ ከጭንቅላታቸው ግን አይወጣም። ለጓደኛ ሲያስረዱ የት ጋ እንደሚደናቀፉ ራሳቸው ያዩታል።

መነሻ (20 ደቂቃ)። ሳጥን ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው 200 ቁራጭ ወረቀቶች አሉ። አማካያቸው 50 ነው፤ ይህን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት ያወጣል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ መልሶ ይከታል። ይህን 10 ጊዜ ይደግማል። ሳጥኑ ለየቡድኑ ቢባዛ ሰልፍ አይኖርም። ለ10 ናሙና የ95 በመቶው ማባዣ 2.262 ነው፤ ለ√10 ሲካፈል 0.715 ይሆናል። አማካዩ 51፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 6 የሆነበት ተማሪ 4.29 ቀንሶና ደምሮ ከ46.71 እስከ 55.29 ያገኛል። ሁሉም ኢንተርቫላቸውን ሰሌዳው ላይ በአግድም መስመር ይሥሩ።

ከዚያ 50 ላይ ቀይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ዝም በሉ። ማብራሪያው የእነሱ ነው። በአማካይ አንድ መስመር ገደማ ቀዩን ይስታል። አንድም ባይስት አትደንግጡ፤ በ24 ሰው ክፍል ይህ 29 በመቶ ያህል ጊዜ ያጋጥማል።

ማስረዳት (24 ደቂቃ)። በቡድን ውስጥ አንዱ ያስረዳል፣ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋል። በየ8 ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። ለአስረጂው ካርድ ይሰጠዋል፦

ካርድ 1፦ ያንተ ኢንተርቫል 50ን ይዟል? «95 በመቶ» የሚለው ታዲያ ምኑን ነው?

ካርድ 2፦ ከሳጥኑ ወረቀቶች 95 በመቶው ኢንተርቫልህ ውስጥ ናቸው?

ካርድ 3፦ 10 ሳይሆን 40 ወረቀት ብታወጣ ስፋቱ ምን ይሆናል?

አንድ ሕግ አለ፣ እባካችሁ አጥብቁት። አስረጂው «ዕድል» ባለ ቁጥር ጠያቂው «የምኑ ዕድል? የዚህ መስመር ወይስ የአሠራሩ?» ብሎ ያስቁመው። የተሠራው መስመር 50ን ወይ ይዟል ወይ አልያዘም። 95 በመቶው ደጋግመን ብናወጣ አሠራሩ ስንቴ እንደሚሳካለት የሚናገር ነው። ትምህርቱ ያለው እዚች ጥያቄ ላይ ነው።

በካርድ 3 ብዙዎች «በአራት እጥፍ ይጠባል» ይላሉ። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ተመሳሳይ ከሆነ የሚጠበው ከግማሽ ትንሽ ዝቅ እስኪል ነው፤ ናሙናው ሲያድግ ማባዣውም ወደ 2.023 ይወርዳል። መልሱን አትንገሯቸው፣ ያስሉት።

እየዞራችሁ አዳምጡ። የተሳሳተ ማብራሪያ ስትሰሙ ወዲያው አትግቡ። ጸሐፊው የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነበው ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ አስረጂው ራሱ «ቆይ ቆይ» ይላል።

መውጫ (6 ደቂቃ)። እያንዳንዱ ዛሬ ለቀረ ጓደኛው የራሱን ኢንተርቫል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያስረክብ። ማርክ የለውም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከእነዚህ ሦስቱን ያለ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፉና ክፍሉ ያርማቸው።