የ«ሲላ» ተከታታይ ልቦለድ መዝገብ፦ ስሞች፣ ዘመናት፣ ሕጎች (ለሦስታችን ጸሐፊዎች፣ ክፍል 4 ከመጀመሩ በፊት የታደሰ)

መጀመሪያ ይሄን አንብቡ፣ ከዚያ ጻፉ። ሦስት ክፍል ወጥቷል፣ ሦስት እጅ ገብቶበታል፣ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከእኛ በላይ ያስታውሳሉ። ይህ መዝገብ ከምንም በላይ የሚጠብቀው አንድ ትዕይንት አለ፦ ክፍል 4 ምዕራፍ 14። ሐመልማል እናቷን ፊት ለፊት ታገኛታለች፣ ግን ማን እንደሆነች አትለያትም። ይህን ስንገነባ የቆየነው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ነው። አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ ምዕራፍ 3 ላይ «ዓይኗ እንደ እናቷ ነው ብላ አሰበች» የሚል፣ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

አጠቃቀሱ እንዲህ ነው፦ ክ ማለት ክፍል፣ ም ማለት ምዕራፍ። «ክ2 ም9» ከተባለ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ምዕራፍ ያልተጠቀሰለት ነገር እንደ ሐሳብ ብቻ ይቆጠር።

የማን ቃል ይጸናል

የታተመው ጽሑፍ ይቀድማል። ቀጥሎ ይህ መዝገብ። በመልእክት የተባባልነው፣ በስልክ የተስማማነው፣ «ትዝ ይለኛል እኮ ብለን ነበር» የሚባለው ሁሉ እዚህ እስካልተጻፈ ድረስ አይቆጠርም። የታተመ ነገር ከተሳሳተ ዝም ብለን አንቀይረውም፤ ታሪኩ ውስጥ ምክንያት እንፈልግለታለን። ሁለት ሰው ከተስማማ ለውጡ ይገባል፣ አሮጌው መስመር ግን አይሰረዝም። ከጎኑ «ተቀይሯል» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ከወራት በኋላ ያንኑ ክርክር እንደገና እንከራከራለን።

ስሞችና አጻጻፋቸው

ሐመልማል በ«ሐ» ነው። «ሀመልማል» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ በፍለጋ አናገኘውም፣ ያልተገኘ ደግሞ አይታረምም። የመብራት ማማው ጸዳል በ«ጸ»፣ ፀሐይ በ«ፀ»። ሐይቅ በ«ሐ»፣ ውሃ በ«ሃ»። ለምን ይህኛው ተመረጠ የሚል ክርክር አያስፈልግም፤ ክፍል 1 ላይ እንዲህ ወጥቷል፣ አለቀ።

ስንታየሁ ሴት ናት። ስሙ ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን ክ2 ም3 ረቂቅ ላይ «ስንታየሁ መዝገቡን ዘጋው» የሚል ገብቶ ነበር፣ ከመታተሙ በፊት ተያዘ። በስሟ ዓረፍተ ነገር ስትጀምሩ ግሱን ሁለቴ እዩት።

አዲስ ገጸ ባሕሪ ስትፈጥሩ ስሙ በሐ፣ በተ፣ በነ እና በበ ቤት አይጀምር፣ ሞልቷል። የስም ለውጥም ሆነ ቅጽል ስም መጀመሪያ እዚህ ይመዝገብ።

ሰዎቹ

*ሐመልማል።* የተወለደችው በ118 በ4ኛው ወር 9 ቀን ነው። ግራኝ ናት (ክ1 ም1)። ዋና ትችላለች። ዋሽታ አታውቅም ማለት ግን አይደለም፤ ክ2 ም11 ላይ ለስንታየሁ ዋሽታለች፣ ስንታየሁም አውቃ ዝም ብላለች።

*ናሆም፣* ወንድሟ። በ115 በ8ኛው ወር ተወለደ። የሚበልጣት በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው፤ በንግግር «በሦስት ዓመት» ቢሉ ችግር የለውም፣ ተራኪው ግን አይበል። ክፍል 4 ሲጀምር 20 ዓመቱ ነው፣ 8ኛው ወር ሲገባ 21 ይሞላዋል።

*ተዋበች፣* አያታቸው። ከ61 እስከ 131 5ኛ ወር ኖሩ። ሲያርፉ ሐመልማል 13 ዓመቷ ነበር።

*አስቴር፣* እናታቸው። በ127 በ10ኛው ወር ጠፋች። ልጆቹ የተነገራቸው ሰጥማ ሞተች ተብሎ ነው። በሕይወት አለች፣ ኦሬት ነው ያለችው።

*ጌትነት፣* ጀልባ ቀዛፊ። በ88 የተወለደ፣ ወሩ አልተጠቀሰም፣ እንዳትጠቅሱትም። የግራ እጁ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ የሉም። መቅዘፍ ይችላል፣ ቋጠሮ ግን በጥርሱ ነው የሚያጠብቀው (ክ1 ም5)። ቁስልና ጉድለት ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ትልልቆቹም ተሳስተውበታል፦ የሼርሎክ ሆልምስ ጓደኛ ዶክተር ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው ታሪክ የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው፣ በ1890 በወጣው ደግሞ እግሩ ላይ። አንባቢ እስከዛሬ ያነሳዋል።

*ብሩክታዊት፣* የውሃ ሹም። በ80 ተወለዱ። ክፉ አይደሉም፣ ይፈራሉ። ስትጽፏቸው ይህን ያዙልኝ።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

እዚህ ላይ ነው ሦስት ሰው መጻፉ ቶሎ የሚያስታውቀው። ተራኪው ተዋበችንና ብሩክታዊትን በ«እሳቸው» ይጠራል፣ ሌላውን ሁሉ በቅርብ አጠራር። ሐመልማል አያቷን «እማማ» ትላለች፣ በ«አንቺ»። ጌትነትን ሁሌም «ጋሼ» ትለዋለች፤ እስከ ክ2 ም9 በ«እርስዎ»፣ ከውሃ ጎትቶ ካወጣት በኋላ በ«አንተ»። ናሆም ግን አልተለወጠም፣ እስካሁን «እርስዎ» ነው የሚለው።

ብሩክታዊት ማንንም «እርስዎ» አይሉም። ሐመልማል ለእሳቸው ሁልጊዜ «እርስዎ» ትላለች፣ ከአንዲት ጊዜ በስተቀር፦ ክ3 ም12 ላይ ተቆጥታ «አንቺ» አለቻቸው። ይህ ትልቅ ክስተት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተገናኙም። ስለዚህ ክፍል 4 ላይ የመጀመሪያው ንግግራቸው በየትኛው እንደሚጀምር ሳንመክር ማንም እንዳይጽፈው።

ዘመን አቆጣጠር

ዓመቱ የሚቆጠረው ከጎርፉ ነው። 0 ዓመት የለም፣ ጎርፉ የመጣበት ዓመት 1 ነው። ዓመቱ 12 ወር፣ ወሩ 30 ቀን፣ ወሮቹ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል። ጨረቃ ሁሌ በ15 ሙሉ ናት፣ ከ29 እስከ 1 አትታይም። ክ2 ም9 የሚሆነው በ135 4ኛ ወር 16 ቀን ሲሆን ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነበር ይላል። በደመና አድነነዋል፣ የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ደመናው ይገፈፋል። ሁለተኛ በደመና አናመልጥም።

ዋናዎቹ ቀኖች እነዚህ ናቸው። አባታቸው የሰጠመው በ124 በ11ኛው ወር ነው፤ ሐመልማል 6፣ ናሆም 9 ዓመታቸው። ክ3 ም4 ላይ ናሆም «አስር ዓመቴ ነበር» ይላል። ታትሟል። ውሳኔው፦ ናሆም ራሱን ትልቅ አድርጎ ነው የሚያስታውሰው፣ አባቱን ማዳን ነበረብኝ ብሎ ስለሚያምን። እውነቱን ለመናገር ከስህተት ያተረፍነው ምርጥ ነገር ይህ ነው፣ ክፍል 4 ላይ እህቱ ታርመው።

ክፍል 1 ከ134 6ኛ ወር 3 እስከ 9ኛ ወር፣ ሐመልማል 16። ክፍል 2 ከ135 2ኛ ወር ይጀምራል፤ 17 የሞላችው በም6 እና በም7 መካከል ነው፣ ማንም አላስታወሰላትም። ክፍል 3 ከ136 1ኛ እስከ 5ኛ ወር። ክፍል 4 በ136 7ኛ ወር ይከፈታል፣ 18 ዓመቷ ነው።

ርቀት

ከታላሜ ደርሳ ደሴት በመቅዘፊያ 4 ሰዓት፣ ነፋስ ካለ በሸራ 2። ከደርሳ ኦሬት በመቅዘፊያ 6 ሰዓት። ከታላሜ ኦሬት በቀጥታ በጀልባ አይኬድም፣ አለት አለ። ዳር ዳሩን በእግር ሦስት ቀን ነው። ክ3 ም5 ላይ ከምሽቱ 1 ተነስተው ሌሊት 11 ኦሬት የደረሱት በደርሳ በኩል ሳያርፉ፣ ጌትነትና ናሆም እየተቀያየሩ ቀዝፈው ነው። ሐመልማል ብቻዋን ልታደርገው አትችልም።

የመብራቶቹ ሕግ

ሰባት መብራቶች አሉ፣ ሁሉም ጸዳል ማማ ላይ። 3ኛው ክ1 ም12፣ 6ኛው ክ3 ም11 ተሰብሯል። የተሰበረ አይጠገንም። 7ኛው በርቶ አያውቅም።

መብራት የሚበራው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ብቻ ነው። የሚያሳየው ከውሃው በታች ያለችውን ከተማ በጎርፉ ቀን እንደነበረች ነው፤ የወደፊቱን አያሳይም፣ ድምፅም የለውም። ያበራው ሰው አንድ ትዝታ ያጣል። የሚመርጠው መብራቱ ነው። አይመለስም፣ በምንም መንገድ። «በፍቅር ተመለሰላት» የሚል ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አስቀድሞ እምቢ ብያለሁ።

የሚጠፋው ትዝታ ነው እንጂ ችሎታ ወይም እውቀት አይደለም። ልዩነቱን ሐመልማል እስካሁን ካጣችው እዩት፦

ክ1 ም8 (134፣ 7ኛ ወር 30)፦ የተዋበችን ድምፅ። ቃላቸውን ታስታውሳለች፣ ስለዚህ ምክራቸውን መጥቀስ ትችላለች። «የእማማ ድምፅ በጆሮዋ አቃጨለ» ግን አይቻልም።

ክ2 ም4 (135፣ 3ኛ ወር 1)፦ ዋና የተማረችበትን ቀን። አሁንም ትዋኛለች፣ ማን እንዳስተማራት አታውቅም። አባቷ ነበር።

ክ2 ም13 (135፣ 5ኛ ወር 29)፦ ታላሜ ወዳለው ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ። ክ3 ም1 ላይ ሰው ጠይቃ ነው የገባችው።

ክ3 ም2 (136፣ 1ኛ ወር 30)፦ ከናሆም ጋር የተጣሉበትን ምክንያት። መጣላታቸውን ታውቃለች። እሱ ሁሉንም ያስታውሳል፣ እና ይቅር ያለችው ይመስለዋል።

ክ3 ም11 (136፣ 4ኛ ወር 29)፦ የእናቷን ፊት።

ከዚህኛው በኋላ ፊቱን መግለጽ፣ ማለም፣ ከሰው ፊት ጋር ማመሳሰል ክልክል ነው። ማስታወሻ ደብተሯም አያድናትም፤ ክ3 ም3 ላይ ሐይቅ ውስጥ ወድቋል፣ አዲሱን የምትጀምረው ክ4 ም1 ነው። ናሆምም ቢሆን ከም14 በፊት እሷ ባለችበት የእናታቸውን መልክ አያንሳ።

ማን ምን ያውቃል

አስቴር በሕይወት መኖሯን ብሩክታዊት ከክፍል 1 በፊት ጀምሮ ያውቃሉ። ስንታየሁ ያወቀችው ክ2 ም10፣ ናሆም ክ3 ም9። ጌትነት አያውቅም፤ ቢያውቅ ለሐመልማል ይነግራት ነበር፣ ስለዚህ በአጋጣሚም ቢሆን አይስማ። ሐመልማል የእናቷን ፊት ትዝታ እንዳጣች ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። ናሆምም አያውቅም። ለዚህ ነው ም14 ላይ ምንም ሳይናገር ወደ ኦሬት ይዟት የሚሄደው፣ ስታያት ራሷ ታውቃታለች ብሎ።

ያልተወሰኑ

ክ3 ም5 ላይ ኦሬት ወደብ ጀርባዋን ሰጥታ ያለፈችው እንስራ የተሸከመች ሴት አስቴር ናት ወይ? አንባቢ ነች ይላል። ፊቷ አልታየም፣ ስለዚህ ሁለቱም ይሆናል። አንመልሰውም ብለናል፤ የም14 ጸሐፊ እንስራ እንዳታስገቢ።

7ኛው መብራት ምን ይወስዳል? ሁለታችሁ ስሟን ትላላችሁ፣ እኔ ግን ስም እውቀት ነው እንጂ ትዝታ አይደለም፣ ከላይ ያለውን ሕግ ይጥሳል እላለሁ። የም6 ረቂቅ ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፣ ምክንያቱም ስንታየሁ ያንን መብራት በተመለከተ ያገኘችው ሰነድ እዚያ ነው የሚነበበው።