የጤናና የገንዘብ ዝርዝር ወደ ኤአይ ሜሞሪ ከማስገባትዎ በፊት የሚታይ ማረጋገጫ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ላሉ የእድር ጸሐፊዎች፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሠራተኞች፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ላላቸው ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው

ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይና መሰሎቻቸው ሜሞሪ የሚባል ክፍል አላቸው። ዛሬ የነገሯቸውን ይዘው ከወራት በኋላ ያነሱታል። የአጻጻፍ ምርጫዎን ወይም የሥራ ዘርፍዎን ቢይዙ ጥሩ ነው፤ ሕመምና ገንዘብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይሂዱበት። ያልተሟላ ካገኙ እዚያው ቆመው ያስተካክሉ፤ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

1. አካውንቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሴቲንግ ነው። እኛ የምንለው ከዚህ ይጀምሩ ነው፤ አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ ካለ ሴቲንግ ማስተካከል ዋጋ የለውም።

☐ ጂሜይልዎን የከፈተልዎ ማን ነው? ስልክ ሲገዙ ሱቅ ውስጥ የተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉም ስምዎ ላይ 1234 የተጨመረበት ከሆነ ሌላም ሰው ያውቀዋል። ቻትጂፒቲ የገቡት `Continue with Google` ብለው ከሆነ ደግሞ ጂሜይሉን የያዘ ሰው ሜሞሪውንም ከፍቶ ያነባል። በጎግል አካውንትዎ ውስጥ `Security` ይክፈቱና ሦስት ነገር ያድርጉ፦ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ የማያውቁትን ስልክ ከ`Your devices` ያስወጡ፣ `Recovery phone` እና `Recovery email` የእርስዎ መሆናቸውን ይመልከቱ። የሚረሳው ይህ ሦስተኛው ነው። መልሶ ማግኛው ላይ የሱቁ ቁጥር ከተቀመጠ የይለፍ ቃል ቢቀይሩም በዚያ ቁጥር ተመልሶ ሊገባ ይችላል። በመጨረሻ `2-Step Verification` ያብሩ።

☐ ክፍያ ተጋርተው የሚጠቀሙበት አካውንት ነው? አምስት ሰው በአንድ አካውንት ሲገባ ሜሞሪውም አንድ ነው። እርስዎ ስለ ኩላሊትዎ የጠየቁት የሌላው ሰው መልስ ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። በእንዲህ ያለ አካውንት ጤናም ገንዘብም አይጻፍም።

☐ የሚጠቀሙት በቴሌግራም ቦት ነው? «ነጻ ቻትጂፒቲ» የሚል ቦት ላይ የሚጽፉት መጀመሪያ የሚደርሰው ለቦቱ ባለቤት ነው። የሚያጠፉበት ሴቲንግም የለዎትም።

☐ ስልክዎ መቆለፊያ አለው? ለጥገና ሲሰጡት ኮዱን ይነግራሉ? ከመስጠትዎ በፊት ከመተግበሪያው `Log out` ብለው ይውጡ።

2. አሁን ምን ተይዟል?

በቻትጂፒቲ `Settings`፣ ከዚያ `Personalization`፣ ከዚያ `Memory` ይክፈቱ። እዚያ ሁለት ማብሪያ ያገኛሉ፤ የተለያዩ ናቸው። `Reference saved memories` በዝርዝር የተያዙትን ማስታወሻዎች ይመለከታል። `Reference chat history` ደግሞ ካለፉት ውይይቶች ራሱ እየቃረመ የሚጠቀመውን ይመለከታል፤ ይህኛው የቃረመው ሁሉ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ አይታይም። ስለዚህ ዝርዝሩ ባዶ ነው ማለት ምንም አያውቅም ማለት አይደለም።

☐ `Manage memories` ከፍተው እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ። በአማርኛ የጻፉት በእንግሊዝኛ ተጠቃልሎ ሊጠብቅዎ ይችላል።

☐ ውይይቱን ሲያጠፉ ማስታወሻውንም አጠፋሁ ብለው አስበው ነበር? አልጠፋም። ማስታወሻው ለብቻው ተቀምጧል፤ ማስታወሻውን ብቻ ካጠፉም የጻፉበት ውይይት አለ። ሁለቱንም ያጥፉ። ካጠፉ በኋላም ድርጅቱ ጋር እስከ 30 ቀን ሊቆይ ይችላል።

☐ `Data controls` ውስጥ `Improve the model for everyone` የሚለውን ያጥፉ። ይህ የጻፉት ለማሠልጠኛ እንዳይውል የሚያደርግ ነው፤ ሜሞሪን አያጠፋም። ብዙ ሰው አንዱን አጥፍቶ ሌላውንም ያጠፋ ይመስለዋል።

በጀሚናይ የእንቅስቃሴ መዝገቡን ይክፈቱ፤ `Gemini Apps Activity` ወይም በአዲሱ ስሙ `Keep activity` ይባላል። ካልነኩት የሚቆየው 18 ወር ነው፤ ወደ 3 ወር ያውርዱት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ሰው ገምጋሚ እንዲያየው የተመረጠ ውይይት እርስዎ መዝገቡን ቢያጠፉም እስከ 3 ዓመት ይቆያል። ጎግል ራሱ ገምጋሚ እንዲያይ የማይፈልጉትን ምሥጢር አይጻፉ ይላል፤ ቃሉን ይመኑት።

ዋትስአፕ ላይ ከሰው ጋር የሚጻጻፉት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው። ለሜታ ኤአይ የሚጽፉት ግን ሜታ ጋር ይደርሳል።

3. ስም ሳይጻፍ ስም ይሆናል

«ስሜን አልጻፍኩም» የሚለው መተማመኛ አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል። መሀል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ሰላድንጋይ ላይ አይሠራም። በአንድ ከተማ አንድ የባዮሎጂ መምህርት ብቻ ካለች ሙያዋና ከተማዋ ስሟ ነው።

እንዲህ ተብሎ አይጻፍ፦

«ሞላሌ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። በየሦስት ወሩ ደብረ ብርሃን ሄጄ የኤችአይቪ መድኃኒቴን አመጣለሁ። ከተቀየረልኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።»

እንዲህ ይጻፍ፦

«ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ አዋቂ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ የሚወስድበትን ሰዓት ስለ መቀየር ሐኪሙን ምን ብሎ ይጠይቅ?»

የሚገኘው መልስ አንድ ነው። የቀረው ከተማው፣ ሙያው፣ ዕድሜውና የመመላለሻው ጊዜ ነው፤ አንዳቸውም ለመልሱ አያስፈልጉም ነበር።

☐ የጻፉትን ከመላክዎ በፊት አንድ የሠፈርዎ ሰው ቢያነበው «ይሄማ እገሌ ነው» ይላል? ካለ አንድ ዝርዝር ይቀንሱ፤ ደግመው ያንብቡት።

4. ጤና

☐ ጥያቄው ለአንድ ጊዜ ነው? በቻትጂፒቲ `Temporary chat` ይጠቀሙ። ሜሞሪ ውስጥ አይገባም፤ ታሪክ ውስጥም አይታይም። ድርጅቱ ጋር እስከ 30 ቀን ሊቀመጥ እንደሚችል ግን አይርሱ።

☐ የላቦራቶሪ ውጤት ፎቶ አያስገቡ፤ ቁጥሮቹን በእጅዎ ይጻፉ። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የተቋሙ ማኅተምና የባለሙያው ፊርማ አለ። የግድ ፎቶ ካስፈለገ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ኮፒውን ይላኩ። በስልኩ ማድመቂያ ብዕር ስምን መሸፈን አይበቃም፤ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ፊደሉ ይነበባል።

☐ ምሥጢር ለመጠበቅ ብለው ለሕክምና የሚያስፈልገውን አይቁረጡ። እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ አብረው የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶች መልሱን ይቀይራሉ። እነዚህ ይጻፉ፤ ስም፣ ቀበሌና የካርድ ቁጥር ይቅሩ።

☐ ስለ እናትዎ ስኳር እየጠየቁ ነው? ሜሞሪው ሕመሙን የእርስዎ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ከወር በኋላ ስለ ራስዎ ራስ ምታት ሲጠይቁ የስኳር ታማሚ እንደሆኑ ቆጥሮ ይመልሳል። የተሳሳተ ምክር ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ከምሥጢር መውጣት ያልተናነሰ ጉዳት አለው።

☐ መጠኑ ተቀይሯል? ጠዋትና ማታ 500 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን ብለው አስይዘው ሐኪሙ 1000 ካደረገው፣ ሜሞሪው አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። የመድኃኒት መጠን ሜሞሪ ውስጥ ባይቀመጥ ይሻላል፤ በክትትል ደብተርዎ ላይ ይኑር።

☐ ማን አጠገብዎ ሆኖ ያነባል? ቢሮ ውስጥ ለባልደረባ የጾም ምሳ አሠራር ሲያሳዩ «ስኳርዎን ስለሚከታተሉ ድንቹን ቀነስ ያድርጉ» የሚል መስመር ስክሪኑ ላይ ከወጣ ምሥጢሩ አበቃ። ማንም አልሰረቀውም፤ ሜሞሪው ሥራውን ሠራ።

5. ገንዘብ

በጭራሽ የማይጻፉ፣ በጊዜያዊ ውይይትም ቢሆን፦ የቴሌብርና የባንክ ፒን፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ፣ የኤቲኤም ካርድ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ የፋይዳ ቁጥር።

☐ የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት እንዳለ ቀድተው ሊለጥፉ ነው? ያቁሙ። አንድ መልእክት ውስጥ ስም፣ ቀሪ ሒሳብ፣ የግብይት ቁጥርና ደረሰኙን የሚከፍት ሊንክ አብረው አሉ። ቀኑንና መጠኑን ብቻ ይጻፉ፦ «መስከረም 12፣ ወጪ 1,850 ብር፣ ማዳበሪያ»።

የሒሳብ ቁጥር ብቻውን ገንዘብ አያወጣም፤ ስለዚህ ሰው ይዘናጋል። ከስም፣ ከስልክና ከቀሪ ሒሳብ ጋር ሲሆን ግን «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ትናንት 1,850 ከፍለዋል አይደል?» ብሎ ለሚጀምር አጭበርባሪ በቂ ነው። እውነተኛ ቁጥር ሲጠራለት ሰው ያምናል፤ ካመነ በኋላ ኮዱን ይሰጣል።

☐ በጀት ለማውጣት ደመወዝዎን በክብ ቁጥር ይጻፉ። 9,870 ከማለት ወደ 10,000 ቢሉ እቅዱ አይበላሽም።

☐ ጂሜይልዎን ወይም ድራይቭዎን ከኤአዩ ጋር አገናኝተዋል? የሚላኩልዎ የሒሳብ መግለጫዎች እዚያ ካሉ ያላቅቁት።

6. የሌላ ሰው ሲሆን

የእድር መዝገብ፣ የእቁብ ተራ፣ የማኅበር ብድር የእርስዎ አይደለም። አደራ ነው። ለ80 አባወራ ውዝፍ ሲያሠሉ የእገሌ የአራት ወር ዕዳ በእርስዎ አካውንት ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

☐ ስሞቹን በቁጥር ይተኩ፦ አባል 14፣ 4 ወር፣ 50 ብር በወር፣ 200 ብር ውዝፍ። የቁጥርና የስም ማዛመጃው ወረቀት ላይ፣ መዝገቡ ውስጥ ይቆይ። ስልክ ላይ ፎቶ አንስተው አያስቀምጡት።

☐ የጤና መድን መዋጮ የሚሰበስቡ ከሆነ የአባላቱን ሕመም በምንም መልኩ አያስገቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይቆጥረዋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ግላዊነትን ያስከብራል። ሥራ ለማቅለል ብቻ የሰው ሕመም አይጻፍም።

7. ተሳስቶ ከገባ

በዚህ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ማስታወሻውን ከ`Manage memories`፣ ቀጥሎ ውይይቱን፣ ከዚያም ከውይይት መዝገብ ተወስዶ `Archived chats` ውስጥ የቀረ ካለ እሱን ያጥፉ። «እርሳው» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ዝርዝሩን ከፍተው መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ። የገባው ፒን ወይም የይለፍ ቃል ከሆነ ማጥፋቱን ትተው መጀመሪያ ፒኑን ይቀይሩ። የካርድ ቁጥር ከሆነ ባንክዎ ሄደው ካርዱን ያዘጉ። የእድር አባል መረጃ ከሆነ ለባለቤቱ ይንገሩት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል።

☐ ማስታወሻውን እንደገና የሚያዩበትን ቀን አሁኑኑ ይወስኑ፤ የእድር መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ከሆነ አይረሳም። ስልክ ከመሸጥዎ ወይም ለልጅ ከማውረስዎ በፊትም ከክፍል 1 ይጀምሩ።